ውስጠ ክፍት ሻፍት፦ ከሺር ስትረስ እና ከጥምዘዛ ማዕዘን እስከ ኪሎ ዋት

አንድ ሞተር ሁለት ሜትር ርቆ የተተከለን ፓምፕ በውስጠ ክፍት ሻፍት ያዞራል እንበል። «ሻፍቱ ይችላል ወይ?» የሚለው አጭር ጥያቄ በውስጡ ሦስት ጥያቄዎችን ይዟል። ብረቱ ሳይጎዳ ቶርኩን፣ ማለትም የሚጠመዝዘውን ጫና፣ ይሸከማል ወይ? አንዱ ጫፍ ከሌላው አንጻር ከሚፈቀደው በላይ ይጠመዘዛል ወይ? በተሰጠው ፍጥነት ሲዞርስ ስንት ኪሎ ዋት ያስተላልፋል?

ብዙ ሰው ስሌቱን ከመጨረሻው ጥያቄ ይጀምራል፤ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ጎልቶ የተጻፈው ኪሎ ዋቱ ስለሆነ ነው። እኔ የምመክረው ግን ተቃራኒውን ነው። ሻፍቱ ስለ ኪሎ ዋት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚሰማው ቶርክን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሻፍቱ ቅርጽ እንነሳለን፣ ብረቱን በውስጡ እያንሸራተተ ሊቆርጠው ወደሚሞክረው ጫና፣ ማለትም ወደ ሺር ስትረስ፣ እና ወደ ጥምዘዛ ማዕዘን እንሻገራለን፣ የሚፈቀደውን ቶርክ እናገኛለን፣ ፍጥነቱን የምናስገባው በመጨረሻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የሚጠቅመው ለሥርዓት ያህል አይደለም። የትኛው ገደብ ሥራውን እንደያዘው በግልጽ የሚታየው በዚህ መንገድ ሲኬድ ነው።

## የምንሠራበት ሻፍት

ሻፍቱ ከአረብ ብረት የተሠራ ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 80 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የግድግዳው ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሁለቱ መጋጠሚያዎች መካከል ያለው ርዝመት 2 ሜትር ነው። ብረቱ ለሺር ያለውን ግትርነት የሚለካው የሺር ሞዱለስ ለአረብ ብረት 80 ጊጋ ፓስካል ነው ብለን እንወስዳለን። ይህ ቁጥር ለአብዛኛው አረብ ብረት የሚሠራ ሲሆን፣ ጠንካራ በሆነውና ለስላሳ በሆነው ዓይነት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው። የብረቱ ደረጃ የሚለውጠው የሚሸከመውን ስትረስ እንጂ የጥምዘዛ ግትርነቱን አይደለም። ይህን ማወቅ በኋላ ይጠቅመናል።

ሁለት ገደቦች ተሰጥተውናል። ሺር ስትረሱ ከ50 ሜጋ ፓስካል እንዳይበልጥ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የጥምዘዛ ማዕዘንም ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ይፈለጋል። 50 ሜጋ ፓስካል የመጣው ከየት ነው? በመሳብ ሲፈተን በ250 ሜጋ ፓስካል ላይ መላላት፣ ማለትም ቅርጹን ላይመልስ መለወጥ፣ የሚጀምር ብረት፣ በሺር መላላት የሚጀምረው በ0.577 እጥፉ ገደማ፣ ማለትም በ144 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነው። ስለዚህ 50 ላይ ማቆም ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ የደኅንነት ትርፍ ይሰጣል።

የምንነሳበት ቶርክ 2,000 ኒውተን ሜትር፣ ሻፍቱ የሚዞርበት ፍጥነት ደግሞ 600 ዙር በደቂቃ ነው።

## አንደኛ፦ መለኪያዎቹን አንድ ማድረግ

በዚህ ስሌት ላይ ከሚፈጠሩት ስህተቶች ትልቁ ክፍል የሚመጣው ሜትርና ሚሊ ሜትርን ከማደባለቅ ነው። ለሻፍት ሥራ ከሁሉም የሚመቸኝ ኒውተን እና ሚሊ ሜትር ነው፤ ምክንያቱም አንድ ኒውተን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት በቀጥታ አንድ ሜጋ ፓስካል ነው። ስለዚህ ምንም ከማስላታችን በፊት ሁሉንም ወደዚህ እንለውጥ።

```
T = 2000 N·m  = 2,000,000 N·mm
L = 2 m       = 2000 mm
G = 80 GPa    = 80,000 N/mm²
D = 80 mm,  d = 60 mm
```

ዲያሜትሩን የሚለካ ሰው ከውስጡ ይልቅ ለውጩ እንዲጠነቀቅ አደራ እላለሁ። ምክንያቱ ቀጥሎ በምናየው ቀመር ውስጥ አለ፦ ዲያሜትሩ በአራት ደረጃ ከፍ ይላል። በእኛ ሻፍት የውጭ ዲያሜትሩ በ1 በመቶ ቢያንስ ግትርነቱ በ6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የውስጥ ዲያሜትሩ በ1 በመቶ ቢሰፋ ግን የሚጠፋው ከ2 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ከውጭ በዝገት ወይም በመሞረድ የሳሳ ሻፍት በካታሎግ ልኩ አይሰላም፤ ካሊፐር ይዞ በሳሳው ቦታ ላይ መለካት ያስፈልጋል።

## ሁለተኛ፦ ፖላር ሞመንቱን ማስላት

የሻፍቱ ክብ ገጽ ጥምዘዛን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚነግረን ፖላር ሞመንት የሚባለው ልክ ነው፤ በ J እንጠራዋለን። ለውስጠ ክፍት ክብ ሻፍት የሚገኘው የድፍኑን ወስዶ የጎደለውን ክፍል በመቀነስ ነው።

```
J = (π/32) · (D⁴ − d⁴)
  = 0.098175 × (40,960,000 − 12,960,000)
  = 0.098175 × 28,000,000
  = 2,748,900 mm⁴
```

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ ዲያሜትሮቹን ቀንሶ ከዚያ ወደ አራት ደረጃ ማሳደግ ትልቅ ስህተት ነው። 80 ሲቀነስ 60 ብሎ 20ን ወደ አራት ደረጃ ያሳደገ ሰው 28 ሚሊዮን ሊያገኝ ሲገባው 160 ሺህ ያገኛል፤ ይህም 175 ጊዜ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት ቀጥሎ በሚመጣው ስትረስ ላይ ራሱን ያጋልጣል፤ ማንኛውም ተራ ብረት ሊሸከም የማይችለው በሺዎች የሚቆጠር ሜጋ ፓስካል ይወጣልና።

ቁጥሩን ከያዝን አይቀር ውስጡን ክፍት ማድረግ ለምን እንደሚያዋጣ እንመልከት። ተመሳሳይ የውጭ ዲያሜትር ያለው ድፍን ሻፍት J ከ4.02 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ይላል። የእኛ ሻፍት ከዚያ ውስጥ 68 በመቶውን ይዟል፤ ክብደቱ ግን የድፍኑ 44 በመቶ ብቻ ነው። ከመሐል የወጣው ብረት ከግማሽ በላይ ነበር፣ ያበረክት የነበረው ግን ከሲሶ ያነሰ ነው። ነገሩን ገልብጠን ብናየው ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። የእኛን ሻፍት ያህል የሚመዝን ድፍን ሻፍት ብንሠራ ዲያሜትሩ ወደ 53 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በዚያ ብረት ያገኘነው ግትርነት ከውስጠ ክፍቱ 3.6 ጊዜ ያህል ያንሳል። ያው ብረት ከመሐሉ እየራቀ በተቀመጠ ቁጥር ጥምዘዛን የመቋቋም ብቃቱ ይጨምራል ማለት ነው።

## ሦስተኛ፦ ሺር ስትረሱ

ሻፍቱ ሲጠመዘዝ እያንዳንዱ ክብ ገጽ ከጎረቤቱ አንጻር በጥቂቱ ይዞራል። መሐል ላይ ያለው ነጥብ አይንቀሳቀስም፤ ዳር ላይ ያለው ከሁሉም የበለጠ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሺር ስትረሱ ከመሐል በሚርቀው ልክ እየጨመረ ሄዶ ከፍተኛው የሚገኘው በውጭው ቆዳ ላይ ነው።

```
τ = T · r / J

τ (ውጭ፣ r = 40) = 2,000,000 × 40 / 2,748,900 = 29.1 MPa
τ (ውስጥ፣ r = 30) = 2,000,000 × 30 / 2,748,900 = 21.8 MPa
```

በቀመሩ ውስጥ ያለው r ሬዲየስ ነው። በስህተት 80 ያስገባ ሰው ስትረሱን እጥፍ አድርጎ ያገኛል። ይህ ስህተት አደገኛነቱ ከላይኛው ይለያል፤ 58 ሜጋ ፓስካል የማያስደነግጥ ቁጥር ስለሆነ በዓይን አይያዝም። ውጤቱም ደህና ሻፍትን አይችልም ብሎ መጣል ነው።

ከድፍን ሻፍት በተለየ እዚህ የውስጠኛው ግድግዳም በደንብ ይሠራል። ከ21.8 እስከ 29.1 ድረስ ብቻ ስለሚለያይ፣ በሻፍቱ ውስጥ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ብረት የለም ለማለት ይቻላል። ይህ ባሕርይ ፈጣን የማረጋገጫ መንገድም ይሰጠናል። ግድግዳው ቀጭን ነው ብለን ስትረሱን በአማካዩ ሬዲየስ፣ ማለትም በ35 ሚሊ ሜትር ላይ እናስላው።

```
τ ≈ T / (2π · r² · t)
  = 2,000,000 / (6.2832 × 1225 × 10)
  = 26.0 MPa
```

ያገኘነው ቁጥር በ21.8 እና በ29.1 መካከል ወድቋል፤ ስለዚህ ዋናው ስሌት ትክክል ነው። J ሳያስፈልገው የመጣ መልስ ስለሆነ፣ በ J ላይ የተሠራን ስህተት የሚይዝ ገለልተኛ ምስክር ነው። ለውስጠ ክፍት ሻፍት ይህችን መስመር ሳልጽፍ አላልፍም።

## አራተኛ፦ የጥምዘዛ ማዕዘኑ

አሁን አንዱን ጫፍ አጥብቀን ይዘን ሌላውን በ2,000 ኒውተን ሜትር ብናዞረው በስንት ማዕዘን ይጠመዘዛል የሚለውን እናገኛለን። ማዕዘኑ በቶርኩና በርዝመቱ ልክ ይጨምራል፤ በሺር ሞዱለሱና በፖላር ሞመንቱ ልክ ደግሞ ያንሳል። ሻርል ኦጉስተን ኩሎምብ በ1784 ባቀረበው ጥናት ቀጫጭን ሽቦዎችን እየጠመዘዘ ያገኘው ግንኙነት ይኸው ነበር፤ የሽቦው ዲያሜትር በአራት ደረጃ እንደሚገባም አሳይቷል።

```
φ = T · L / (G · J)
  = (2,000,000 × 2000) / (80,000 × 2,748,900)
  = 0.01819 ራዲያን
  = 0.01819 × 57.296 = 1.04 ዲግሪ
```

ቀመሩ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ በራዲያን ነው። 0.018 የሚለውን ቁጥር ዲግሪ ነው ብሎ የተቀበለ ሰው ሻፍቱ ፈጽሞ አይጠመዘዝም ብሎ ያስባል፤ በእውነታው ግን ከአንድ ዲግሪ በላይ ዞሯል። ገደቡ በዲግሪ ከተሰጠ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ከማስቀመጣችሁ በፊት ወደ አንድ መለኪያ ለውጧቸው።

ማዕዘኑ በእውነት ምን ይመስላል? በሻፍቱ ቆዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር አስምረን ከጠመዘዝነው፣ የሩቁ ጫፍ ወደ ጎን የሚሄደው 40 ሲባዛ በ0.01819፣ ማለትም 0.73 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ2,000 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ 0.73 ሚሊ ሜትር መዝመም ማለት መስመሩ በ0.000364 ራዲያን አዘነበለ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በሺር ሞዱለሱ ብናባዛው 80,000 ሲባዛ በ0.000364፣ 29.1 ሜጋ ፓስካል ይሰጠናል። ከሦስተኛው ደረጃ ጋር በትክክል ገጠመ። ስትረሱና ማዕዘኑ የአንድ ክስተት ሁለት ገጽታዎች ስለሆኑ እንዲህ ካልገጠሙ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል።

የሻፍቱ ዲያሜትር በመንገዱ ላይ የሚለወጥ ከሆነ፣ ወይም በመሐል ሌላ ማርሽ ገብቶ የቶርኩን ከፊል የሚወስድ ከሆነ፣ አንድ ቀመር ለሁሉም አይበቃም። ሻፍቱን ቶርኩም ዲያሜትሩም በማይለወጥባቸው ክፍሎች ከፍለን የእያንዳንዱን ማዕዘን ለብቻ እናሰላለን፣ ከዚያ አቅጣጫቸውን ጠብቀን እንደምራቸዋለን። ስትረሱ ግን አይደመርም፤ የየክፍሉን አስልተን ከፍተኛውን እንወስዳለን።

## አምስተኛ፦ ሥራውን የያዘው የትኛው ገደብ ነው?

ብረቱ እስካልላላ ድረስ ስትረሱም ማዕዘኑም ከቶርኩ ጋር እኩል ስለሚያድጉ ስሌቱን እንደገና መጀመር አያስፈልግም። እያንዳንዱ ገደብ አሁን ካለንበት ስንት እጥፍ እንደሚርቅ ማየት ይበቃል።

```
በስትረስ፦  50 / 29.1  = 1.72   →  T = 3436 N·m
በማዕዘን፦  1.5 / 1.042 = 1.44   →  T = 2879 N·m
```

የሚፈቀደው ቶርክ ትንሹ፣ ማለትም 2,879 ኒውተን ሜትር ነው። ሥራውን የያዘው የጥምዘዛ ማዕዘኑ እንጂ ስትረሱ አይደለም። በዚህ ቶርክ ላይ ስትረሱ ገና 41.9 ሜጋ ፓስካል ነው።

ይህ ውጤት በሥራ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። ሻፍቱ አቅም አነሰው ብሎ የተሻለ ደረጃ ያለው ጠንካራ ብረት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ያለ ጥቅም ያወጣል። ቀደም ብለን እንዳልነው የሺር ሞዱለሱ ከብረት ደረጃ ወደ ብረት ደረጃ እምብዛም አይለያይም፤ ስለዚህ ማዕዘኑ እዚያው 1.5 ዲግሪ ላይ ይቆማል። በዋናነት የሚረዳው የውጭ ዲያሜትሩን ማሳደግ ወይም ሻፍቱን ማሳጠር ነው።

የትኛው ገደብ ቀድሞ እንደሚደርስ የሚወስነውም ርዝመቱ ነው። የስትረሱንና የማዕዘኑን ቀመሮች ብናጋጥማቸው ቶርኩም ፖላር ሞመንቱም ተጣፍተው ይህ ይቀራል፦

```
φ = τ · L / (G · r)
L = 0.02618 × 80,000 × 40 / 50 = 1676 mm
```

0.02618 ማለት 1.5 ዲግሪ በራዲያን ሲጻፍ ነው። ስለዚህ 80 ሚሊ ሜትር የውጭ ዲያሜትር ያለው ሻፍት ከ1.68 ሜትር ገደማ ካጠረ ስትረሱ ይይዘዋል፤ ከዚያ ከረዘመ ማዕዘኑ ይይዘዋል። የውስጡ ቀዳዳ ስፋት በዚህ ድንበር ላይ ምንም ድርሻ የለውም፤ ድፍን ቢሆንም ድንበሩ ያው ነው። ከስሌቱ ሁሉ እኔን ደስ የሚለኝ ይህ መስመር ነው፤ የሻፍቱን የውጭ ዲያሜትርና ርዝመት ብቻ አይቶ የትኛውን ገደብ መፍራት እንዳለብን ይነግረናል።

## ስድስተኛ፦ ፍጥነቱን ማስገባትና ኃይሉን ማግኘት

እስካሁን ስለ ፍጥነት አንድም ቃል አላስፈለገንም። አሁን ግን ቶርኩ በእጃችን ስላለ በዋት የሚለካውን ኃይል ማግኘት ቀላል ነው፤ ቶርኩን በማዕዘናዊ ፍጥነት ማባዛት ነው። ማዕዘናዊ ፍጥነቱ በራዲያን በሰከንድ መሆን አለበት፤ ቶርኩም እዚህ ላይ ወደ ኒውተን ሜትር ይመለሳል።

```
ω = 2π · n / 60 = 2π × 600 / 60 = 62.83 rad/s
P = T · ω = 2879 × 62.83 = 180,900 W ≈ 181 kW
```

በየጊዜው ይህን ለሚያሰላ ሰው አጭሩ መንገድ እነሆ። ቶርኩ በኒውተን ሜትር፣ ፍጥነቱ በዙር በደቂቃ ከሆነ ኃይሉ በኪሎ ዋት እንዲህ ይገኛል፦

```
P = T · n / 9549
```

60ውንም ሁለት ፓዩንም ረስቶ 600ን በቀጥታ ከቶርኩ ጋር ያባዛ ሰው 1,727 ኪሎ ዋት ያገኛል፤ ይህም ከትክክለኛው 9.55 እጥፍ ይበልጣል። መልሳችሁ ከጠበቃችሁት አሥር እጥፍ ገደማ ሲበልጥ ወይም ሲያንስ መጀመሪያ የምትመለከቱት ይህንን ነው።

አሁን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ እንሂድ፤ በሥራ ቦታ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነውና። ፓምፑ የሚፈልገው 100 ኪሎ ዋት ነው እንበል። በ600 ዙር በደቂቃ ይህ የሚጠይቀው ቶርክ 1,592 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ሻፍቱ በምቾት ይሸከመዋል። ይኸው 100 ኪሎ ዋት በ300 ዙር በደቂቃ ይተላለፍ ቢባል ግን ቶርኩ እጥፍ ሆኖ 3,183 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ስትረሱ 46.3 ሜጋ ፓስካል ነው፤ አላለፈም። ማዕዘኑ ግን 1.66 ዲግሪ ሆኖ ገደቡን ጥሷል። ስትረሱን ብቻ የፈተሸ ሰው ይህን ሻፍት ያሳልፈው ነበር።

የተወሰነ ኃይል ሲተላለፍ ሻፍትን የሚያስጨንቀው ዝግታ ነው፤ ፍጥነቱ በቀነሰ ልክ ቶርኩ ይጨምራልና። ለ100 ኪሎ ዋት ይህ ሻፍት ከስንት ዙር በታች መውረድ እንደሌለበት ማወቅ እንችላለን፦

```
n = 9549 × 100 / 2879 = 332 ዙር በደቂቃ
```

ከማርሽ ሳጥን በፊት ያለው ፈጣኑ ሻፍት ቀጭን፣ ከማርሽ ሳጥኑ በኋላ ያለው ዝግተኛው ደግሞ ወፍራም የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ኃይል፣ በመንገድ የሚባክነው ጥቂት ሲቀር፣ አንድ ነው።

## ቀመሩ የማይደርስባቸው ቦታዎች

ከላይ ያሉት ቀመሮች የሚሠሩት ገጹ ክብና የተዘጋ ሲሆን ነው። «የተዘጋ» የሚለው ቃል በውስጠ ክፍት ሻፍት ላይ ክብደት አለው። ከታጠፈ ላሜራ የተሠራ ቱቦ የብየዳ መስመሩ በርዝመቱ ሁሉ ቢከፈት፣ ከውጭ ሲታይ ያው ቱቦ ነው፤ ግትርነቱ ግን ይጠፋል። ስትረሱ በቀለበቱ ዙሪያ ያለ መቋረጥ መዞር ስለማይችል ቱቦው እንደ ቀጭን የታጠፈ ላሜራ ብቻ ይሠራል። የተከፈተውን ገጽ J በሚከተለው መንገድ መገመት ይቻላል፦

```
J ≈ (1/3) · 2π · r · t³
  = (1/3) × 219.9 × 1000
  = 73,300 mm⁴
```

ይህ ከተዘጋው ቱቦ 37 ጊዜ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ የብየዳ ቱቦን ለሻፍት የሚጠቀም ሰው ከምንም በፊት የብየዳውን መስመር ይመርምር። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ አነስተኛ ቶርክ ተሰጥቶት የሚለካው ማዕዘን ከተሰላው በብዙ እጥፍ ከበለጠ ቱቦው አንድ ቦታ ተከፍቷል።

ሁለተኛው ቦታ ጫፎቹ ናቸው። ያሰላነው 29.1 ሜጋ ፓስካል የሚሠራው ከመጋጠሚያዎቹ ራቅ ባለው ለስላሳ ክፍል ላይ ነው። ሻፍቱን ከመጋጠሚያው ጋር የሚያይዘው ቁልፍ የሚገባበት ቦይ፣ ዲያሜትሩ በድንገት የሚቀንስበት ትከሻ፣ የተበሳ ቀዳዳ፣ እነዚህ ሁሉ በጠርዛቸው ላይ ስትረሱን ከተሰላው በጣም ከፍ ያደርጉታል። በ10 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ላይ የቁልፍ ቦይ መቁረጥ ደግሞ የግድግዳውን ትልቅ ክፍል ይበላል። በሥራ ላይ ያለ ሻፍት በድካም ሲሰነጠቅ ስንጥቁ የሚጀምረው በአብዛኛው ከነዚህ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ስንጥቅ የሚፈለገው በመሐል ሳይሆን በቦዩና በትከሻው ማዕዘን ላይ ነው።

የተሰበረን ሻፍት ያየ ሰው ከስብራቱ ቅርጽ ብዙ መረዳት ይችላል። ለስላሳ አረብ ብረት ከአቅሙ በላይ ተጠምዝዞ አንድ ጊዜ ሲበጠስ ስብራቱ ከሻፍቱ ርዝመት ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ያሸነፈው ሺር ነውና። እንደ ካስት አይረን ያለ ተሰባሪ ነገር ግን በ45 ዲግሪ በጠመዝማዛ መልክ ይሰነጠቃል፤ በሺር ውስጥ ተሰውሮ ያለው የመሳብ ስትረስ ቀድሞ ስለሚደርስበት ነው። ጠመኔ በሁለት እጅ ይዛችሁ ብትጠመዝዙት ይህንኑ ስብራት በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ሦስተኛው ጉዳይ የቶርኩ መለዋወጥ ነው። ከኪሎ ዋት ተነስተን የምናገኘው ቶርክ አማካይ ነው። ፓምፑ ፒስተን ያለው ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ በየጊዜው የሚነሳና የሚቆም ከሆነ፣ ቶርኩ በአንድ ዙር ውስጥ ወይም በመነሻው ቅጽበት ከአማካዩ በብዙ ይበልጣል። ኃይሉን በአማካዩ ማስላት ትክክል ነው፤ ስትረሱንና ማዕዘኑን ግን በከፍተኛው ቶርክ መፈተሽ ያስፈልጋል። በእኛ ምሳሌ 100 ኪሎ ዋት በ600 ዙር የሚፈልገው 1,592 ኒውተን ሜትር ነበር፤ የመነሻው ቶርክ የዚህ እጥፍ ከሆነ 3,183 ደርሶ ማዕዘኑን ያስጥሳል። በደህናው ፍጥነት ያለፈው ሻፍት በመነሻው ላይ ወደቀ ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ ፍጥነትን በመጨመር ብቻ ኃይልን ያለ ልክ ማሳደግ አይቻልም። ቶርኩ ሳይለወጥ ፍጥነቱን ወደ 1,200 ብናደርሰው ሻፍቱ በዚያው ስትረስና በዚያው ማዕዘን 362 ኪሎ ዋት ያስተላልፋል፤ እስከዚህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ማንኛውም ሻፍት ወደ ጎን ጎብጦ መወዛወዝ የሚጀምርበት ወሳኝ ፍጥነት አለው። የእኛ ሻፍት ሁለቱ ጫፎቹ በኩሽኔታ ላይ አርፈው ሌላ ክብደት ካልተሸከመ፣ ይህ ፍጥነት በ2,970 ዙር በደቂቃ አካባቢ ይሆናል። በመሐሉ ከባድ ማርሽ ወይም መጋጠሚያ ቢገጠም ደግሞ ዝቅ ይላል። በ3,000 ዙር በደቂቃ የሚሠራ ሞተር በቀጥታ የተገናኘበት ይህ ሻፍት በቶርክ ስሌቱ ያለ ችግር ያልፋል፤ ሲነሳ ግን ኩሽኔታዎቹን ያንቀጠቅጣል። እዚያ ላይ መፍትሔው በመሐል ሌላ ኩሽኔታ መጨመር ነው፤ ድጋፍ በሌለው ርዝመት ላይ ያለው ወሳኝ ፍጥነት ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ አራት እጥፍ ከፍ ይላል፣ የጥምዘዛ ማዕዘኑ ግን ከኩሽኔታው ምንም አያገኝም፤ ቶርኩ አሁንም ሁለቱን ሜትር ሙሉ ያልፋልና።